ከመጨረሻ ፈተና በፊት የአንድ የሕግ ኮርስ ንድፍ አሠራር፦ ከኖት፣ ከንባብና ከኮድ (የውል ሕግ እንደ ምሳሌ)

ፋይናል ሲቃረብ ብዙ የሕግ ተማሪ ሌክቸር ኖቱን በንጹሕ ወረቀት መገልበጥ ይጀምራል። ከሁለት ሳምንት ድካም በኋላ በእጁ የሚቀረው ሁለተኛ ደብተር ነው። ፈተናው ላይ «ሻጩ ቤቱን አላስረክብም ቢል ገዢው ምን መብት አለው?» የሚል ኬዝ ሲመጣ ያ ደብተር አይረዳውም። ደብተሩ የተደረደረው መምህሩ ባስተማረበት ቅደም ተከተል ነው፤ ኬዝ የሚፈታው ግን በሌላ ቅደም ተከተል ነው።

ይህ መመሪያ የሚያሳየው ሦስቱን ምንጮች፣ ማለትም ሌክቸር ኖትን፣ የንባብ ጽሑፎችንና ሕጉን፣ ወደ አንድ ንድፍ የማጠፍ ሥራ ነው። «ንድፍ» ስንል መምህሩ በሴሚስተሩ መጀመሪያ የሚያድለውን ኮርስ አውትላይን ማለታችን አይደለም። ተማሪው ራሱ ለፈተና የሚሠራውን፣ ከ15 እስከ 20 ገጽ የማይበልጠውን ጽሑፍ ማለታችን ነው። ምሳሌ ያደረግነው የውል ሕግ ጠቅላላ ክፍልን ነው፤ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 1675 እስከ 2026 ያለውን። አሠራሩ ሕግ ተጽፎ ለተገኘበት ለማንኛውም ኮርስ ይሠራል።

## ደረጃ 1፦ ዕቃ ማሰባሰብና ፈተናውን ማጣራት (አንድ ምሽት)

በጠረጴዛው ላይ እነዚህን አድርጉ፦

- የመምህሩን ኮርስ አውትላይን
- ምንም ያልተጻፈበትን የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም
- የራሳችሁንና ከክፍል ቀርቶ የማያውቅ የአንድ ጓደኛችሁን ኖት
- ሞጁሉን ወይም ሃንድአውቱን፣ ከታዘዙት ንባቦች ጋር
- በክፍል የተነሡትን የሰበር ውሳኔዎች
- ቢያንስ ሁለት ያለፉ ዓመታት ፈተናዎች፣ በተለይ የዚሁ መምህር

ከዚያ ሦስት ነገር አጣሩ። ኮድ ይዞ መግባት ይፈቀዳል? የተፈቀደ እንደሆነ የአንቀጽ ቃል መሸምደድ ጊዜ ማጥፋት ነው፤ ድካማችሁን አንቀጾቹ እርስ በርስ በሚገናኙበት ላይ አውሉት። ያልተፈቀደ እንደሆነ ግን የዋና ዋናዎቹ ቁጥርና የእያንዳንዳቸው ቅድመ ሁኔታ በቃል መያዝ አለበት። ሁለተኛ፣ በሚድ የተጠየቀው ክፍል ለፋይናል ይገባል ወይስ ቀርቷል? ሦስተኛ፣ ጥያቄው ኬዝ ነው ወይስ ማብራሪያ? መልሱ ካለፉት ፈተናዎች ይገኛል፤ ካልተገኘ መምህሩን ጠይቁ። ከሲኒየር ተማሪ የሰማችሁትን ብቻ ይዛችሁ አትነሡ፤ መምህር ሲቀየር የፈተናው ዓይነትም አብሮ ይቀየራልና።

ማስጠንቀቂያ። የሲኒየር ንድፍ በእጃችሁ ካለ በዚህ ደረጃ አትክፈቱት። ከደረጃ 5 በኋላ ለማመሳከር ይጠቅማል። መጀመሪያ ከተከፈተ ግን ስሕተቱም ጭምር የእናንተ ይሆናል፤ የተሻረ አዋጅ ከዓመት ዓመት ሲገለበጥ የሚኖረው በዚሁ መንገድ ነው።

## ደረጃ 2፦ አጥንቱን ከኮዱ ማውጣት (አንድ ምሽት)

ኖቱን ዝጉት። ኮዱን ክፈቱና ርእሶቹን ብቻ እያነበባችሁ በአንድ ገጽ አስፍሩ። ለውል ሕግ ይህን ይመስላል፦

1. ውል ምንድን ነው (1675 እስከ 1677)
2. ውል ለመጽናት ምን ያስፈልገዋል (1678)
   - ፈቃድ፣ አቅርቦና መቀበል (ከ1679 ጀምሮ)
   - የፈቃድ ጉድለት፦ ስሕተት፣ ተንኮል፣ መገደድ (ከ1696 ጀምሮ)
   - የውሉ ጉዳይ (ከ1711 ጀምሮ)
   - ፎርም (ከ1719 ጀምሮ)
3. የውል ውጤትና ትርጉም (ከ1731 ጀምሮ)
4. አፈጻጸም (ከ1740 ጀምሮ)
5. ባለመፈጸም የሚመጣ ውጤት (ከ1771 ጀምሮ)
6. ውልን ማፍረስ (ከ1808 ጀምሮ)
7. ይርጋ (ከ1845 ጀምሮ)
8. ማስረጃ (ከ2001 ጀምሮ)

አሁን የመምህሩን ኮርስ አውትላይን ከጎኑ አስቀምጡ። መምህሩ ያላስተማረውን በቀጭን መስመር ሰርዙ፤ ሦስት ክፍለ ጊዜ የወሰደበትን አስምሩበት። ችሎታን ልብ በሉ። 1678 ላይ የተጠቀሰ ሆኖ ሳለ ዝርዝሩ በዚህ ክፍል ውስጥ የለም፤ ያለው በሰዎች ሕግ ነው። ስለዚህ አጥንቱ ላይ «ችሎታ» ብላችሁ ባዶ ቦታ ተዉ። ኮዱን ብቻ ተከትሎ የሚሄድ ተማሪ ይህን ነጥብ የሚዘለው በዚህ ምክንያት ነው።

ገጹ ከአንድ ከበለጠ ርእስ ሳይሆን ይዘት እየጻፋችሁ ነው ማለት ነው። አቁሙና ቀንሱ።

## ደረጃ 3፦ አንቀጹን መፍታት (ከሦስት እስከ አራት ቀን)

ይህ የሥራው ከባዱ ክፍል ስለሆነ አትቸኩሉበት። እያንዳንዱን ዋና አንቀጽ በአምስት መስመር ፍቱት፦

- መቼ ይሠራል? (ቅድመ ሁኔታዎቹ፣ አንድ በአንድ)
- ምን ያስከትላል?
- መቼ አይሠራም? (ልዩ ሁኔታ)
- ማን ሊያነሣው ይችላል?
- እስከ መቼ?

አንዳንዱ መስመር ከአንቀጹ ራሱ አይገኝም። መልሱን ሌላ አንቀጽ ውስጥ መፈለግ ግድ ይላል፤ ትምህርቱም ያለው እዚያ ፍለጋ ውስጥ ነው። አንቀጽ 1723ን እንፍታው፤ የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት ውል ነው።

መቼ ይሠራል? ውሉ በማይንቀሳቀስ ንብረት ላይ ባለቤትነትን ወይም እንደ አላባ፣ አገልግሎትና መያዣ ያለ መብት የሚያቋቁም ወይም የሚያስተላልፍ ሲሆን ነው። እንዲህ ያለ ውል በጽሑፍ መሆንና በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ፊት መመዝገብ አለበት። «በጽሑፍ» ማለት ምን እንደሆነ 1723 አይነግረንም፤ 1727 ይነግረናል፦ ተዋዋዮቹ ሁሉ የፈረሙበትና ሁለት ምስክሮች ያረጋገጡት ሰነድ።

ምን ያስከትላል? ይህም 1723 ውስጥ የለም። በሕግ የታዘዘ ፎርም ካልተጠበቀ ውል የለም፣ ያለው ረቂቅ ብቻ ነው የሚለው 1720 ነው።

መቼ አይሠራም? መነሻው 1719 ነው፤ ሕግ ወይም ተዋዋዮቹ ካላዘዙ በቀር ውል ፎርም አያስፈልገውም። 1723 ለዚህ መርሕ ልዩ ሁኔታ ስለሆነ ለመኪና ወይም ለእህል ሽያጭ አትጥቀሱት። ቀብድ የተከፈለበት ቅድመ ውል ነው የሚል መከላከያም አያድንም፤ ቅድመ ውል ለዋናው ውል በታዘዘው ፎርም መደረግ አለበትና (1721)።

ማን ሊያነሣው ይችላል? 1808(2)። በፎርም ጉድለት፣ ወይም ጉዳዩ ሕገ ወጥ ወይም ለሞራል ተቃራኒ በመሆኑ ማንኛውም ተዋዋይ ወይም ጥቅም ያለው ሦስተኛ ወገን ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅ ይችላል። ከ1808(1) ጋር አነጻጽሩት። በስሕተት፣ በተንኮል፣ በመገደድ ወይም በችሎታ ማጣት ምክንያት መጠየቅ የሚችለው የተጎዳው ተዋዋይ ብቻ ነው።

እስከ መቼ? እዚህ ሁለት አንቀጾች ይጋጫሉ። 1810 የማፍረስ ክስ ምክንያቱ ከተወገደ በሁለት ዓመት ውስጥ ይቅረብ ይላል። 1845 ደግሞ ልዩ ድንጋጌ ከሌለ በቀር የማፍረስ ክስን ጨምሮ 10 ዓመት ይሰጣል። በንድፉ ላይ ሁለቱንም ጎን ለጎን ጻፉና ቀይ ምልክት አድርጉ። ፎርም የጎደለው ውል በጊዜ ብዛት የሚወገድ ምክንያት የለውም፤ ታዲያ የሁለት ዓመቱ ቆጠራ ከየት ይጀምራል? ደግሞስ 1720 እንዳለው ውሉ ረቂቅ ብቻ ከሆነ በ1808(2) እንዲፈርስ የሚጠየቀው ምኑ ነው? ጥሩ መምህር ጥያቄ የሚያወጣው ከእንዲህ ዓይነቱ ስንጥቅ ነው። አምስቱን መስመር የሞላ ተማሪ ስንጥቁን ራሱ ያገኘዋል፤ አንቀጹን የገለበጠ ግን አልፎት ይሄዳል።

### በዚህ ደረጃ የሚበላሹ ነገሮች

አንቀጹን በሙሉ መገልበጥ። ኮድ ከተፈቀደ ፈተናው ላይ በእጃችሁ ይኖራል፤ ካልተፈቀደም የምትይዙት ቅድመ ሁኔታዎቹን ነው። አንድ አንቀጽ ከስድስት መስመር ከበለጠ እንደገና ጻፉት።

ቅድመ ሁኔታዎችን በ«እና» እና በ«ወይም» አለመለየት። ሁሉም መሟላት አለባቸው ወይስ አንዱ ይበቃል? ምሳሌ 1775 ነው። ባለዕዳን በማስጠንቀቂያ መጠየቅ የማያስፈልግባቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራል፤ አንዱ ከተገኘ ይበቃል። 1678 ግን የሚጠይቀው ሁሉንም ነው። በንድፉ ላይ «ሁሉም» ወይም «አንዱ» ብላችሁ ከዝርዝሩ በላይ ጻፉ።

ማፍረስንና መሰረዝን መደባለቅ። ውል የሚፈርሰው ሲደረግ ጉድለት ስለነበረበት ነው (1808 እና ተከታዮቹ)። የሚሰረዘው ግን በትክክል ተደርጎ ሳለ ስላልተፈጸመ ነው (1784 እና ተከታዮቹ)። በኖታችሁ ውስጥ ሁለቱ ተቀያይረው ካገኛችኋቸው የኖቱን ቃል አትመኑ፤ አንቀጹን ክፈቱ።

በእንግሊዝኛው ብቻ መሥራት። ትምህርቱና ፈተናው በእንግሊዝኛ ቢሆንም የአማርኛው ቅጂ ነው ገዢው። እንግሊዝኛው ግር ሲል ወይም ሁለት ትርጉም ሲሰጥ አማርኛውን ተመልከቱና ልዩነቱን በአንድ መስመር አስፍሩ።

## ደረጃ 4፦ ኖቱን ማጥራት (ሁለት ቀን)

አሁን ኖቱን አውጡ። በእያንዳንዱ አንቀጽ ጠርዝ ላይ ከሦስት ፊደል አንዱን ጻፉ፦

- ሕ አንቀጹን በሌላ ቃል የደገመ ከሆነ
- ማ ሕጉ ያልተናገረው የመምህሩ ማብራሪያ ወይም አቋም ከሆነ
- ም ምሳሌ ከሆነ

«ሕ» የተባለው በሙሉ ይጣላል፤ ደረጃ 3 ላይ ሠርታችሁታልና። አብዛኛው ኖት የሚወድቀው እዚህ ስለሆነ ብዙ ገጽ ሲቀር አትደንግጡ። «ማ» የተባለው በአጥንቱ ላይ በሚገባበት አንቀጽ ሥር ይገባል፤ የመምህሩ መሆኑ እንዲታወቅ ምልክቱን ይዞ ይግባ። ምሳሌ ለአንድ ነጥብ አንድ ይበቃል፤ እሱም ድንበሩን የሚያሳይ ይሁን። «ከበደ መጽሐፍ ሸጠ» የሚል ምሳሌ ምንም አይለይም። ዝምታ እንደ መቀበል አይቆጠርም (1682) ከሚለው ሥር የሚገባው ዝምታ የሚያስገድድበት ምሳሌ ነው፦ በሁለት ነጋዴዎች መካከል የቆየ የንግድ ግንኙነት ኖሮ አዲስ አቅርቦ ሲመጣ ተቀባዩ በጊዜው እንቢ ሳይል የቀረበት (1684)።

ኖቱ ከአንቀጹ ጋር ሲጋጭ ምን ይደረግ? መጀመሪያ የጓደኛችሁን ኖት አመሳክሩ፤ ብዙ ጊዜ ስሕተቱ ከአጻጻፍ ፍጥነት የመጣ ነው። ሁለቱም ኖት አንድ ዓይነት ከሆነ መምህሩ አውቆ የያዘው አቋም ሊሆን ይችላል። ጥያቄያችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ ከነአንቀጽ ቁጥሩ ጠይቁት፤ «1810 ለፎርም ጉድለትም ይሠራል ብለው ነበር ወይ?» እንደሚል ያለ። «ውልን ማፍረስ አልገባኝም» ለሚል ጥያቄ ከፈተና በፊት ባለው ሳምንት በቂ መልስ የሚሰጥ መምህር ማግኘት ከባድ ነው።

## ደረጃ 5፦ ንባብና የሰበር ውሳኔ መጨመር (ሁለት ቀን)

የንባብ ጽሑፍን ከዳር እስከ ዳር አታጠቃልሉ። ይዛችሁ የምትገቡት ደረጃ 3 ላይ ያደረጋችኋቸውን ቀይ ምልክቶች ነው። ጽሑፉ ለዚያ ስንጥቅ መልስ ካለው በሁለት ዓረፍተ ነገር ወስዳችሁ በቦታው አስገቡ፤ ከሌለው ዝጉት።

የሰበር ውሳኔ ግን ሌላ ነገር ነው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም ሌሎች ፍርድ ቤቶችን ስለሚገዛ በንድፉ ላይ ከአንቀጹ ቀጥሎ ይቀመጣል። ለእያንዳንዱ ውሳኔ አራት ነገር ብቻ ጻፉ፦ የመዝገብ ቁጥርና ዓመት፣ ጭብጥ፣ የተሰጠ ትርጉም፣ ወሳኙ ፍሬ ነገር።

ከላይ ለፈታነው አንቀጽ የሚሆነው የመዝገብ ቁጥር 21448 ነው፤ በ1999 ዓ.ም. የተወሰነ። ጭብጡ የተነሣው ሌላ አንቀጽ በመኖሩ ነው። ስለማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በተለይ የሚናገረው 2877 ጽሑፍን ብቻ ይጠይቃል፤ መመዝገብን አያነሣም። ታዲያ ልዩው ድንጋጌ ጠቅላላውን 1723 ያስቀራል? ችሎቱ አያስቀርም ብሎ ሁለቱን አጣምሮ አነበበ፤ የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ብቻ ሳይሆን ሥልጣን ባለው አካል ፊትም መደረግ አለበት። በንድፉ ላይ ይህ ሦስት መስመር ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ በቅርብ በወጡት የሰበር ውሳኔዎች ቅጾች በዚሁ አንቀጽ ላይ የተሰጠ ሌላ ትርጉም መኖሩን ፈልጉ። በተለይ ተዋዋዮቹ ውሉ መኖሩን ሳይካካዱ ሲቀሩ ፎርም ይነሣል ወይ የሚለውን ተመልከቱ። የሰበር ትርጉም በኋለኛ ውሳኔ ሊለወጥ ይችላል፤ የቆየውን ብቻ ይዞ የገባ ተማሪ በልበ ሙሉነት ይሳሳታል።

አዋጆችንም በዚሁ ጊዜ አጣሩ። ኖታችሁ ወይም ሞጁላችሁ ላይ የ1952ቱ ንግድ ሕግ ከተጠቀሰ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 በከፊል መተካቱን አስታውሱ። የሰበርን አስገዳጅነት ለማሳየት አዋጅ ቁጥር 454/1997 ብቻ ተጠቅሶ ከሆነ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013 መጥቷል። ስለሰነድ ማረጋገጥና ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 922/2008፣ በኤሌክትሮኒክ መንገድ ስለሚደረግ ውል ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1205/2012 አለ። መምህሩ በኮርሱ ውስጥ ካላስገባቸው አንድ አንድ መስመር ይበቃቸዋል።

ድንበሩን የሚያልፍ ነገር እንዳይበዛ ተጠንቀቁ። ቤት ሻጩ ባለትዳር፣ ቤቱም የጋራ ንብረት ከሆነ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የሌላውን ተጋቢ ስምምነት ይጠይቃል (አንቀጽ 68)። ይህ እውነት ነው፤ ጠቃሚም ነው። ይሁንና በውል ሕግ ንድፍ ላይ «ሻጩ ባለትዳር? የቤተሰብ ሕግ 68» ከሚል መስመር በላይ አያስፈልገውም።

## ደረጃ 6፦ ወደ ጥያቄ ቅደም ተከተል መለወጥ (ሁለት ቀን)

እስካሁን ያላችሁ የተደራጀ ዕውቀት ነው። አሁን ወደ መፍቻ ይለወጣል። እያንዳንዱን ርእስ አዎ ወይም አይ ተብሎ ወደሚመለስ ጥያቄ ቀይሩት፤ ከእያንዳንዱ መልስ ቀጥሎ ወዴት እንደሚኬድ ጻፉ።

ለውል ሕግ የላይኛው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦

1. ግንኙነቱ በ1675 መሠረት ውል ነው? ካልሆነ ከውል ውጭ ኃላፊነትን ወይም አላግባብ መበልጸግን ተመልከት።
2. በ1678 ያሉት ሁሉ ተሟልተዋል? አንዱ ከጎደለ ወደ 1808 ሂድ፤ ማን ይጠይቃል? ይርጋው ስንት ነው? ውጤቱ 1815፣ ተዋዋዮችን ወደ ነበሩበት መመለስ።
3. ከተሟሉ ውሉ ምን ይላል? ግልጽ ካልሆነ የትርጉም ደንቦች፣ ከ1732 ጀምሮ።
4. እንደ ውሉ ተፈጽሟል? ካልተፈጸመ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷል (1772)? ካልተሰጠ ከ1775 አንዱ አለ?
5. ባለዕዳው ምን ይከላከላል? ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል (1792)? ይርጋ?
6. ባለገንዘቡ ምን ይጠይቃል? በግድ ማስፈጸም (1776)፣ መሰረዝ (ከ1784 ጀምሮ)፣ ካሳ (ከ1790 ጀምሮ)።

ቅደም ተከተሉ ለምን እንዲህ እንደሆነ አንድ ኬዝ ያሳያል።

### በኬዝ ሲሞከር

ሻጭ ቤቱን በ2,000,000 ብር ለመሸጥ ተስማማ። ውሉ በእጅ ተጻፈ፤ ሁለቱም ፈረሙ፤ ሦስት ምስክሮችም ፈረሙ። ገዢ 500,000 ብር ከፈለ፤ ቀሪውን ቤቱን ሲረከብ ሊከፍል። የቤት ዋጋ ሲንር ሻጩ አላስረክብም አለ። ገዢው በግድ እንዲያስረክበው፣ ካሳም እንዲከፍለው ይፈልጋል።

ንድፍ የሌለው ተማሪ «አላስረክብም» የሚለውን ቃል ሲያይ በቀጥታ ወደ 1771 ይሮጣል፤ ማስጠንቀቂያን፣ በግድ ማስፈጸምንና ካሳን ሁለት ገጽ ይጽፋል። ጥያቄ 2ን ዘሎ ጥያቄ 6 ላይ ስለደረሰ አብዛኛው ነጥብ ያመልጠዋል።

በንድፉ ሲኬድ ግን እንዲህ ይሆናል። ጥያቄ 1፦ አዎ፣ ንብረትን የሚመለከት ግዴታ የሚያቋቁም ስምምነት ነው። ጥያቄ 2፦ ስለ ችሎታ ችግር አልተነገረም፤ ፈቃድ አለ፤ ጉዳዩ የታወቀ፣ የሚቻልና ሕጋዊ ነው። እነዚህን በአንድ አንድ ዓረፍተ ነገር አልፋችሁ ፎርም ላይ ቁሙ። ውሉ የቤት ስለሆነ 1723 ይሠራል። የጽሑፍ መለኪያው ተሟልቷል፤ ፊርማም ምስክርም አለ (1727)። የጎደለው ምዝገባ ነው። 2877 ጽሑፍ ብቻ ይበቃል ያሰኛል የሚለውን የገዢውን ክርክር አንሡ፤ በመዝገብ ቁጥር 21448 መልሱለት። ስለዚህ በ1720 መሠረት ያለው ረቂቅ ነው። ሻጩ ራሱ ይህን ሊያነሣ ይችላል? 1808(2) ማንኛውም ተዋዋይ ይላል፤ ይችላል። ነገር ግን ሻጩ ውሉን ሳይክድ ቢቀርብስ? ደረጃ 5 ላይ ያገኛችሁት የኋላ ውሳኔ ካለ ቦታው እዚህ ነው።

ውጤቱ ማስረከብ ሳይሆን መመለስ ይሆናል፦ ገዢው 500,000 ብሩን ይቀበላል (1815)። እዚህ ላይ ረቂቅ ብቻ ከነበረ የሚፈርስ ውል የለምና ገንዘቡ ያለአግባብ በተከፈለ (2164) ይጠየቅ ወይስ በ1815 የሚለውን በሁለት ዓረፍተ ነገር ብታነሡ መልሳችሁ ከሌላው ይለያል። ከጥያቄ 3 እስከ 6 ያሉት አይደረስባቸውም። ፈታኙ «ውሉ የጸና ቢሆንስ?» ብሎ ከጠየቀ ብቻ በአጭሩ ወደዚያ ትሄዳላችሁ።

## ደረጃ 7፦ ንድፉን በአሮጌ ፈተና መሞከር (ሁለት ቀን)

አንድ ያለፈ ፈተና ወስዳችሁ ሰዓት ይዛችሁ፣ ንድፉን ብቻ እያያችሁ ሥሩ። ኖት አይከፈትም። በሠራችሁ ቁጥር ንድፉ የት እንደጣላችሁ ጠርዙ ላይ ምልክት አድርጉ። ከእነዚህ አንዱን ታያላችሁ፦

መልሱ አለ፤ ግን ፍለጋው ጊዜ ወሰደ። ቦታው ተሳስቷል። ነጥቡን ወደ ጥያቄ ቅደም ተከተሉ አቅርቡት።

አንቀጹ አለ፤ ግን ይሠራል ወይስ አይሠራም ማለት አልቻላችሁም። ቅድመ ሁኔታዎቹ አልተነጣጠሉም። ወደ ደረጃ 3 ተመለሱና ያንን አንቀጽ ብቻ እንደገና ፍቱ።

ጥያቄው ከንድፉ ውጭ መጣ። ኮርስ አውትላይኑን ተመልከቱ። እዚያ ካለ ጨምሩ፤ ከሌለ በዚያ ዓመት የነበረው መምህር ወይም ይዘት የተለየ ነው፤ ተዉት።

ከጓደኛ ጋር የምትሠሩ ከሆነ ምዕራፍ ተከፋፍሎ መሥራትን አንመክርም። የራሱን ድርሻ ብቻ የፈታ ተማሪ የሌላውን ድርሻ እንደ ሲኒየር ንድፍ ተቀብሎ ነው የሚገባው። የሚሻለው ሁላችሁም ሙሉውን ሠርታችሁ በዚህ ደረጃ አንድ ፈተና ለየብቻ መሥራትና መልሶቹን ማነጻጸር ነው።

## ደረጃ 8፦ ወደ አንድ ገጽ ማጠፍ (አንድ ቀን)

ከደረጃ 6 የላይኛውን ስድስት ጥያቄ ውሰዱ። በእያንዳንዱ ሥር የአንቀጽ ቁጥር፣ «ሁሉም» ወይም «አንዱ» የሚለውን ምልክት፣ የሰበር መዝገብ ቁጥርና ቀይ ምልክቱን ብቻ ጻፉ። ሙሉ ዓረፍተ ነገር አይግባ። ኮድ ብቻ በሚፈቀድበት ፈተና ይህ ገጽ ወደ ክፍል አይገባም፤ ኮዱም ላይ አይጻፍም። የጽሑፍ ምልክት ያለበት ኮድ ይዞ መገኘት ፈተናን ሊያሰርዝ ይችላል። ስለዚህ ገጹን ሳታዩ በባዶ ወረቀት ላይ ደግማችሁ መጻፍ እስክትችሉ ድረስ ተለማመዱ፤ ፈተናው ሲጀመር በረቂቅ ወረቀቱ ጀርባ የምትጽፉት እሱን ነው።

## ጊዜ ካለቀ

አንድ ሳምንት ከቀረ ደረጃ 4ን እጠሩት፤ በአጥንቱ ላይ ያሰመራችሁበትን ክፍል ኖት ብቻ አጥሩ። ደረጃ 3ን ግን መምህሩ ባተኮረባቸው አንቀጾች ላይ በሙሉ ሥሩ።

ሦስት ቀን ከቀረ በመጀመሪያው ቀን አጥንቱንና ስድስቱን ጥያቄዎች ጻፉ። በሁለተኛው 1678፣ 1696፣ 1723፣ 1772፣ 1775፣ 1784፣ 1792 እና 1808ን በአምስት መስመር ፍቱ። በሦስተኛው ቀን አንድ አሮጌ ፈተና ሥሩ።

አንድ ቀን ብቻ ከቀረ አዲስ ንድፍ አትጀምሩ። ኮዱን ክፈቱና ርእሶቹን ከ1675 እስከ 1856 ባለው አንብቡ፤ ስድስቱን ጥያቄዎች በአንድ ወረቀት ጻፉ፤ ከዚያ አንድ የቤት ሽያጭ ኬዝና አንድ ዘግይቶ የመፈጸም ኬዝ በእነሱ ላይ አስኪዱ።